የሰፈር ግሩፕ ላይ ክፉ ቃል ሲጻፍብን፦ አምስት የመልስ መንገዶች ሲመዘኑ

ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል። ጅማ፣ ቦሳ አካባቢ ያለው ሰፈራችን ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ውሏል። የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይህ መልእክት ወጣ፦

«ብራችን የት ደረሰ? ኮሚቴ ኮሚቴ እያላችሁ የሰው ኪስ ማጠብ ለመዳችሁ። ቦዩ ያው ነው፣ ብሩ ግን የለም። ሐፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረባችሁም።»

ኮሚቴ የተባልነው ሦስት ሰዎች ነን። ለጎርፍ መውረጃ ቦዩ ከየቤቱ 400 ብር አዋጥተን ነበር። ብሩን የምይዘው እኔ ነኝ። መልእክቱን የጻፉት ደግሞ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ጎረቤታችን ናቸው። ልጅ እያለሁ ሱቅ ቆመው ከረሜላ ገዝተውልኛል። እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ግሩፑ ውስጥ 112 ሰው አለ። ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰበት ሰው ብዙ ነው። ምክሩም ብዙ ነው። አንዱ «ዝም በይ» ይላል። ሌላው «ልክ አስገቢያቸው»፣ ሌላው «በውስጥ አናግሪያቸው»፣ ሌላው «አድሚኑ ያጥፋው»። ሁሉም አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንድ ጊዜ ነገሩን ያባብሳል። የትኛው መቼ እንደሚሻል ለመለየት መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን መስማማት አለብን።

የምንመዝንባቸው አራት ነገሮች

አንደኛው፣ ከመልሱ በኋላ ስንት መልእክት ይከተላል የሚለው ነው። ይህ ቀላል ቆጠራ ነው። መልስ ከሰጠን በኋላ ግሩፑ ወደ መብራትና ውሃ ወሬው እስኪመለስ ድረስ ስለ ጠቡ የተጻፈውን እንቁጠር። አምስት ስድስት ከሆነ መልሱ ሠርቷል። አርባ ሃምሳ ከሆነ እንጨት ጨምረናል።

ሁለተኛው፣ በስድቡ ውስጥ የተደበቀ ጥያቄ ካለ ተመልሷል ወይ የሚለው ነው። የሚያነበው ተሳዳቢው ብቻ አይደለም። 112 ሰው ካለበት ግሩፕ የሚጽፈው አሥር ቢሆን ነው። ሌላው ዝም ብሎ ያነባል፣ ዝም ብሎም ይፈርዳል።

ሦስተኛው፣ ሰውየው ነገ ሳያፍር ሰላም የሚለን ይሆናል ወይ? ለሰፈር ግሩፕ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ከማላውቀው ሰው ጋር ተጣልቼ ስልኬን ብዘጋ አለቀ። ከጎረቤት ጋር ግን እድሩ አንድ ነው፣ ለቅሶው አንድ ነው፣ ጠዋት የምንሳፈርባት ባጃጅም አንድ ነች።

አራተኛው፣ እኛን ምን ያስከፍለናል? ጊዜ፣ እንቅልፍ፣ አንዳንዴም ክብር።

ከመምረጥ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። መልእክቱን ለሁለት መክፈል። አንድ ወረቀት ወስጄ የጋሼን አራት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ብራችን የት ደረሰ?» ጥያቄ ነው። «ቦዩ ያው ነው፣ ብሩ ግን የለም» የሚለው ሄዶ ሊታይና ሊጣራ የሚችል አቤቱታ ነው። ኪስ ማጠቡና ሐፍረቱ ስድብ ነው። ግማሹ ይዘት አለው ማለት ነው። ጥያቄው ብር ያወጣው ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው። ስድቡ ግን የእሳቸውና የእኛ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ክፍፍል ላይ ይቆማል።

1. ዝምታ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። መልእክቱ ባዶ ስድብ ሲሆን እውነት ነው። አንድ ሰው «እናንተ ሰፈር ሰው የለም» ብሎ ቢወጣ ምንም የሚመለስ ነገር የለውም። ሁለት ሰዓት ካልተነካ ከሥሩ ሌላ ማስታወቂያ ይመጣና ወደ ላይ ይገፋዋል። ወጪውም ዜሮ ነው።

ጥያቄ ካለበት ግን ዝምታ ብር የያዘን ሰው ይጎዳል። ስለ ገንዘብ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል። ይህ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ጥያቄውን ሌላ ሰው፣ ያውም በጨዋ ቋንቋ፣ ሲደግመው ነው። «እውነት ግን ሂሳቡ ወጥቷል እንዴ?» የሚል ከመጣ ዝምታው ጊዜው አልፎበታል። በእኛ ግሩፕ ይህ የሆነው በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው።

ሌላው የዝምታ ችግር ግማሽ ዝምታ ነው። ቃል ሳይጽፉ የሳቅ ምልክት መለጠፍ፣ ወይም ስድቡ ላይ አውራ ጣት ማድረግ። ያደረገው ሰው ዝም ያልኩ ይመስለዋል። ተሳዳቢው ግን ተሳቀብኝ ብሎ ያነበዋል። ዝም ካሉ ሙሉ በሙሉ ዝም ማለት ነው።

2. አንድ መልስ በግሩፑ ላይ

ጥያቄ ላለበት ስድብ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው። ግን ሲበላሽም እንደ እሱ የሚበላሽ የለም። ያን ምሽት መጀመሪያ የጻፍኩትና ያልላክሁት ይኸውና፦

«ጋሼ፣ ከሰው በላይ የሚጮኹት እርስዎ ነዎት፣ ግን እስካሁን አልከፈሉም። እኛ በነጻ ነው የምንለፋው። ሌባ ብሎ ከመሳደብ መጠየቅ ይቀድማል። ለማንኛውም ፈጣሪ ልብ ይስጥዎ።»

ስጽፈው ትክክል መስሎኝ ነበር። ሳነበው ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለክርክሩ አዲስ እጀታ ነው። «አልከፈሉም» ማለቴ እውነት ነው። ነገር ግን ከ38 ቤት ያልከፈሉት ሦስት ናቸው። አንዱን በስም ካጋለጥኩ ሁለቱም ተነክተዋል። ለመክፈል የቸገራቸው ቢሆንስ? «በነጻ ነው የምንለፋው» ሲባል የሚመጣው መልስ ይታወቃል፦ «ማን ለምኗችሁ?» ከሁሉ የገረመኝ ሦስተኛው ነው። ጋሼ «ሌባ» የሚለውን ቃል አልጻፉም። ቃሉን ወደ ግሩፑ ላስገባው የነበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ቦይ መሆኑ ያበቃል፤ «ሌባ ብለዋል፣ አላልኩም» ይሆናል።

የመጨረሻዋ ደግሞ የእኛው የአማርኛ ወጥመድ ነች። «ፈጣሪ ልብ ይስጥዎ» ምርቃት ትመስላለች። ማንም ግን እንደ ምርቃት አይሰማትም። «ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ»ም እንደዚያው ነች። «ለማንኛውም» ደግሞ «ያልከው አይረባም» ማለት ሆኖ ይነበባል። ሦስቱንም ከመልሳችሁ አውጡ።

የላክሁት ይህንን ነው፦

«የቦይ ሥራ ሂሳብ
የገባ፦ 14,000 ብር
ሲሚንቶ 4 ኩንታል፦ 5,600
ድንጋይና አሸዋ ከነማጓጓዣው፦ 5,000
ለሁለት ሠራተኛ የ3 ቀን፦ 3,000
ቀሪ፦ 400 ብር፣ እኔ ጋ አለ።
ሥራው ካለቀ ሦስት ሳምንት አልፎት ሂሳቡን ባለማውጣታችን ይቅርታ። ደረሰኝ ማየት ለሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቤት አለሁ። ቦዩ በደንብ ያልደረሰበት ቦታ ካለ ንገሩን፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።»

እዚህ ውስጥ የሌለው ነገር ካለው ይበልጣል። የጋሼ ስም የለም። «የተነሳውን ቅሬታ በተመለከተ» የሚል መግቢያ የለም። «35 ቤት ከፍሏል» አላልኩም፤ እንደዚያ ብል ቀጣዩ ጥያቄ «ሦስቱ እነማን ናቸው?» ነበር። ይቅርታው ደግሞ በእውነት ላጠፋነው ብቻ ነው። ሂሳብ አዘግይተናል፣ ኪስ አላጠብንም። ላላጠፉት ነገር «ካስቀየምኳችሁ ይቅርታ» ማለት ስድቡን እንደ መቀበል ይቆጠራል። ያጠፉትን መደበቅ ደግሞ ለሚቀጥለው ስድብ ስንቅ ነው።

በአላላኩ ላይም ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሪፕላይ አላደረግሁም፤ እንደ አዲስ መልእክት ነው የላክሁት። ሪፕላይ ሲደረግ ስድቡ ከመልሱ በላይ ተጠቅሶ እንደገና ይታያል። ያላየውም ያየዋል። ለተሳዳቢውም ስልኩ «ለአንተ መልስ መጥቷል» ብሎ ይጠራዋል። አዲስ መልእክት ሲሆን ግን ሰው የሚያየው ርዕስ «የቦይ ሥራ ሂሳብ» ነው።

ሁለተኛ፣ ማታ ጽፌ ጠዋት ነው የደረሰው። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርጎ ሲይዙ «Schedule Message» የሚል ይመጣል። ለጠዋቱ 1 ሰዓት አደረግሁት። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ስልኩ ላይ ነው፣ አንድ መልስ አሥር አስተያየት ይጎትታል። ጠዋት ሰው ወደ ሥራው ይሮጣል። ደግሞም ጠዋት ተነስቼ ሳነበው አንድ መስመር አውጥቻለሁ። ከተላከ በኋላም ማረም ይቻላል፤ በግሩፕ ውስጥ ግን እስከ 48 ሰዓት ብቻ ነው፣ «edited» የሚል ምልክትም ይቀርበታል። ስለ ብር የተጻፈ ነገር ላይ ያ ምልክት ጥሩ አይደለም።

ሌሊቱን ሙሉ ዝም ማለት የሚከብድበት ጊዜ አለ። ሌሎች እየተቀላቀሉ ከሆነ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ሂሳቡን ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚሁ አወጣለሁ።» እኔም ያንን ጽፌ ነው የተኛሁት። የተባለችውን ሰዓት ማክበር ግን ግዴታ ነው።

ስለ አጠራር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማርኛ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ሁልጊዜ «እርስዎ» የምንለውን ሰው በጠብ መሃል «አንተ» ካልነው፣ ሌላ ምንም ክፉ ቃል ሳንጨምር ሰድበነዋል። የተገላቢጦሹም አለ። ዘወትር «አንተ» የምንለውን እኩያ ድንገት «እርስዎ» ካልነው ሽሙጥ ሆኖ ይሰማል። «ወንድሜ» እና «እህቴ» በሰላም ጊዜ ጣፋጭ ናቸው፤ በክርክር መሃል ግን «ወንድሜ፣ ረጋ በል» የሚባል ሰው እንደ ሕፃን የተቆጠረ ይመስለዋል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ትናንት በመንገድ ላይ ስንጠራው በነበረው አጠራር መቀጠል። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ ጭራሽ ሰው ሳይጠሩ ስለ ነገሩ መጻፍ ነው። ከላይ ያለው ሂሳብ «አንተ»ም «እርስዎ»ም የለውም።

ጅማ ላይ ደግሞ ቋንቋም አለ። በእኛ ግሩፕ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ ይጽፋል፤ ብዙ ሰው ሁለቱንም ይሰማል። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ከመጣ ሂሳቡን በሁለቱም አውጡት። በሌላ ቋንቋ ብቻ ከተመለሰ፣ ስለ 400 ብር የነበረው ነገር ስለ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ በደረሰኝ አይፈታም።

መልሱ ከወጣ በኋላ ተሳዳቢው እንደገና ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ይጽፋል። ያኔ መለያው ይህ ነው፦ አዲሱን መልእክት ደረሰኝ ወይም ሜትር ሊመልሰው ይችላል? ጋሼ ጠዋት «ሲሚንቶ 1,400 ነው እንዴ?» አሉ። ይህ ጥያቄ ነው። የደረሰኙን ፎቶ ለጠፍኩ፣ ቃል አልጨመርኩም። ቀጥለው «እናንተን ማን ያምናል» አሉ። ይህን ደረሰኝ አይመልሰውም። እዚያ ላይ አቆምኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ የተጻፉት አራት መልእክቶች ናቸው።

የድምፅ መልእክትን እዚህ አልመክርም። የተናደደ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ሰው አዳምጦ ለሌላ ይልከዋል። ቁጥሩንም ነገ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

3. በውስጥ መጻፍ

ብዙ ሰው ይህን እንደ ጨዋ መንገድ ያየዋል። ሰውን በአደባባይ ሳያዋርዱ ማናገር ነውና ልክ ነው። ከእኩያ ጋር፣ አለመግባባቱ ትንሽ ሲሆን ይሠራል። «የጻፍከውን አየሁት፣ ምን ሆኖ ነው?» የምትል አጭር ነገር ብዙ ጊዜ ነገሩን ታበርዳለች።

ሁለት ድክመት አለው። አንዱ፣ በውስጥ የተመለሰ የገንዘብ ጥያቄ ለሌላው 111 ሰው አልተመለሰም። ሌላው ስክሪንሾት ነው። በውስጥ የጻፍነው ግማሹ ተቆርጦ ግሩፑ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ያኔ «በውስጥ ሲያስፈራሩኝ» ይባላል። ስለዚህ በኢንቦክስ የምንጽፈው ግሩፑ ላይ ቢወጣ የማያሳፍረን መሆን አለበት። ረጅም ከሆነ ደግሞ መጥሪያ ይመስላል። ከሁለት መስመር የሚበልጥ ነገር ካለን ደውሎ መናገር ወይም ሄዶ ማነጋገር ይሻላል።

4. በር ማንኳኳት

እ.ኤ.አ. በ2012 የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው በጽሑፍ አከራከሯቸው። ስም መደበቅ፣ አለመታየትና ዓይን ለዓይን አለመተያየት እያንዳንዳቸው ምን ያህል ለስድብ እንደሚያነሳሱ ለዩ። ከሁሉ የከበደው ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሰፈር ግሩፕን ያስረዳልኛል። እዚያ ማንም ስሙን አልደበቀም፤ ሁሉም ይተዋወቃል። የጎደለው ዓይን ብቻ ነው። ጋሼ ያንን ቃል ፊት ለፊቴ ቆመው አይሉትም ነበር።

ስለዚህ ሂሳቡ በወጣ ማግስት፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲያባራ ቤታቸው ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ሦስታችንም ተሰብስበን ብንሄድ ሽምግልና ወይም ክስ ይመስል ነበር። ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ነበር። አቦሉን ጠጥተን ስለ ልጆች ተጨዋወትን። ግሩፑን አላነሳሁም። ቶናው ሲቀዳ «ጋሼ፣ ቦዩ እዚህ ጋ እንዴት ሆነ?» አልኩ።

ተነስተው አሳዩኝ። ቦዩ ከበራቸው በላይ 6 ሜትር ላይ ቆሟል። ድሮ በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ አሁን በአንድ መስመር ተሰብስቦ ቀጥታ ግቢያቸው ይገባል። ሁለት ሌሊት በባልዲ ሲቀዱ አድረዋል። ያልከፈሉትም ለዚህ ነው። «ቦዩ ያው ነው» ሲሉ እንዲያውም ቀንሰው ነው የተናገሩት፤ ለእሳቸው ብሶባቸዋል። ይህ ከማንኛውም ስክሪን ላይ አይነበብም ነበር።

ስለ ስድቡ እሳቸው ናቸው በመጨረሻ ያነሱት፤ በረካው ላይ፣ «ማታ ተናድጄ ነው» ብለው። «ገብቶኛል ጋሼ» አልኩ፣ በዚያው አለፈ። ግሩፑ ላይ ይቅርታ እንዲጽፉ አልጠየቅሁም። በ112 ሰው ፊት ይቅርታ ማስባል ሌላ ዙር ጠብ መጀመር ነው። ዓርብ ማታ ግሩፑ ላይ የጻፉት ይህንን ነው፦ «ነገ ጠዋት አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፣ 6 ሜትር ቀርቷል።»

ይህ መንገድ ውድ ነው። ከሰዓት በኋላዬን ወስዷል። ለሁሉም ሰውም አይሆንም። በዚያው ምሽት፣ ሁለቱም ሳይበርዱ መሄድ አደገኛ ነው። ሴት ሆና የማታውቀው ወንድ ቤት ብቻዋን እንድትሄድ አልመክርም፤ ሱቅ በር ላይ፣ እድር ሲበተን ወይም ሁለቱንም የሚያውቅ ትልቅ ሰው ባለበት ይሻላል። ሰውየው የሚጠጣ ወይም እጁን የሚያነሳ ከሆነ ጭራሽ አይሞከርም።

5. አድሚኑ ጣልቃ ሲገባ

አድሚን መልእክት ማጥፋት፣ አንድን ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጽፍ ማድረግ፣ ከግሩፕ ማስወጣት ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው አራተኛ መሣሪያም አለ፦ «Slow Mode»። ሲበራ እያንዳንዱ አባል አንዴ ከጻፈ በኋላ እስከተወሰነው ጊዜ ድረስ መጠበቅ አለበት፤ እስከ 1 ሰዓት ማድረግ ይቻላል። 15 ደቂቃ ላይ ሲደረግ የጋለ ክርክር ብዙ ጊዜ ይሞታል። ማንም አልተባረረም፣ ማንም አልተዋረደም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ገደቡ አድሚኖችን አይዝም። አድሚኑ ራሱ ተከራካሪ ከሆነ እሱ እየጻፈ ሌላው ሲጠብቅ ሰው ያያል።

ማጥፋት ፈጣን ነው፣ ግን ጥያቄ ያለበትን ስድብ ማጥፋት «ስለ ብር ስንጠይቅ ያጠፉብናል» ያስብላል። መጀመሪያ ጥያቄውን መመለስ፣ ከዚያ ካስፈለገ ማጥፋት።

ማስወጣት ላይ ግን ጠንካራ አቋም አለኝ። የሰፈር ግሩፕ የለቅሶ መልእክት የሚነገርበት ነው። ጅማ ውስጥ ሌላ ሰፈር ያለች ጓደኛዬ የነገረችኝ ይህ ነው፦ አድሚኑ የሰደበውን ሰው አስወጣ። ሰውየው ሌላ ግሩፕ ከፈተ፣ ግማሹ ሰፈር ተከተለው። ከወራት በኋላ አንድ ቤት ለቅሶ ሲሆን ግማሹ ሰፈር ሳይሰማ ቀረ። ለአንድ ቀን ዝም ማስባል ይበቃል። ከተቻለም ውሳኔውን የተሰደበው ሳይሆን ሌላ አድሚን ይስጥ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | የሚከተል ወሬ | ጥያቄው ይመለሳል? | ሰውየው ሳያፍር ይመለሳል? | ወጪው |
|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ዝምታ | ለባዶ ስድብ ጥቂት፣ ጥያቄ ካለበት ይጨምራል | አይ | አዎ | የለም |
| አንድ መልስ፣ ጠዋት፣ ያለ ሪፕላይ | ጥቂት | አዎ፣ ለሁሉም | አዎ፣ ስሙ ካልተነሳ | ግማሽ ሰዓትና ትዕግሥት |
| በውስጥ መጻፍ | ጥቂት፣ ስክሪንሾት ካልወጣ | ለአንድ ሰው ብቻ | ብዙ ጊዜ አዎ | ጥቂት ደቂቃ |
| በር ማንኳኳት | የለም ማለት ይቻላል | ለአንድ ሰው፣ ግን ከሥሩ | ከሁሉም ይበልጣል | ግማሽ ቀን |
| «Slow Mode» | ወዲያው ይቀንሳል | አይ | አዎ | የለም |
| ማጥፋት ወይም ማስወጣት | በሌላ ግሩፕ ይቀጥላል | አይ | አይ | ቂም |

ለማን የቱ?

ብር ወይም የጋራ ዕቃ የያዘ ሰው ሁለተኛውን ይያዝ፤ ጊዜ ካለው አራተኛውን ይጨምር። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይበቃም ነበር። ሂሳቡ ብቻ ቢወጣ 6 ሜትሯ አትታወቅም። ቡናው ብቻ ቢጠጣ ሌላው ሰው «ብሩ የት ደረሰ» እንዳለ ይቀር ነበር።

አቅሙ አምስት ደቂቃ ብቻ የሆነ ሰው «በዚህ ሰዓት እመልሳለሁ» የምትለውን መስመር ጽፎ ስልኩን ያስቀምጥ። ግሩፑን ለ8 ሰዓት ድምፁን ማጥፋትም ይረዳል።

ስድቡ ጥያቄ ከሌለው፣ የሰደበን ሰውም የቅርብ ወዳጅ ካልሆነ፣ ሙሉ ዝምታ ይበቃል። የቅርብ ወዳጅ ከሆነ በማግስቱ መደወል ነው። በዕድሜ ታናሽ ሆኖ የሰደበ ልጅ ሲሆን ደግሞ በግሩፑ መገሠጽ ያጓጓል። ጓደኞቹ ፊት የተገሠጸ ወጣት ግን ወደ ኋላ አይልም። እሱን በውስጥ ነው።

ከዚህ መመሪያ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ። መልእክቱ በብሔር ወይም በሃይማኖት ጥላቻን የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ወይም «እንገናኛለን፣ ታያለህ» ዓይነት ዛቻ ካለው፣ ስለ ጨዋ መልስ የምናወራበት ጊዜ አይደለም። ጥላቻ መቀስቀስን የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይመለከተዋል፣ ማስፈራራትን ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ስሙና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት፣ ከዚያ አድሚኑ ያጥፋው፣ ከዚያ ለፖሊስ ማሳወቅ። ቀድሞ ከጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። መልስ አይጻፍም።

የቀረው ዳር ሆኖ የሚያነበው ሰው ነው፣ አብዛኞቻችን ማለት ነው። «እባካችሁ ተዉ»፣ «ግሩፑን አታበላሹ» የሚሉ መልእክቶች በቅንነት ይጻፋሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ክሩን አንድ መልእክት ያስረዝማሉ፣ ጠቡንም ወደ ታች ይዘውት ይወርዳሉ። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ግን እሱ ይጻፍ። ያን ጠዋት ከኮሚቴው ውጭ የሆነች አንዲት ጎረቤት «ሲሚንቶው ሲወርድ እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ አራት ኩንታል ነው» ብላ አንድ መስመር ጻፈች። እኔ አሥር መስመር ብጽፍ ያንን አያህልም ነበር።